የከፍታ ማስተካከያና የአሃድ ለውጥ በአማካይና በመደበኛ ልይይት ላይ የሚያስከትሉት ለውጥ፦ የሄሞግሎቢን መረጃ እንደ ማሳያ

በደጋማ የአገራችን አካባቢዎች በሄሞግሎቢን መጠን ላይ የሚካሄድ ጥናት ወደ ትንተና ከመግባቱ በፊት አብዛኛውን ጊዜ በሁለት የሒሳብ ክዋኔዎች ውስጥ ያልፋል። የመጀመሪያው የከፍታ ማስተካከያ ነው። ከባሕር ወለል በላይ እጅግ ከፍ ባለ ስፍራ የሚኖር ሰው በአየሩ ውስጥ የሚያገኘው የኦክስጅን ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ሰውነቱ ተጨማሪ ሄሞግሎቢን ያመርታል ተብሎ ይታሰባል፤ በዚህም ምክንያት ከተለካው መጠን ላይ እንደ ከፍታው የተወሰነ ቁጥር ይቀነሳል። ሁለተኛው የመለኪያ አሃድ ለውጥ ነው። በግራም በዴሲሊትር የተመዘገበ መጠን በግራም በሊትር እንዲገለጽ በ10 ይባዛል። የመጀመሪያው ክዋኔ መረጃውን በቁጥር መስመር ላይ ያሸጋሽገዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ይዘረጋዋል።

ሁለቱም ክዋኔዎች ከመቀነስና ከማባዛት ያለፈ ነገር የላቸውም። ሆኖም አንድ ተመራማሪ የቀደመ ጥናት አማካይና መደበኛ ልይይት ብቻ በእጁ ይዞ፣ በሌላ ማስተካከያ ከተሠራ የራሱ ጥናት ጋር ሊያነጻጽር ሲነሣ፣ የትኛው አኃዝ እንደሚለወጥ፣ የትኛው እንደማይለወጥ፣ የትኛውስ ያለ ጥሬ መረጃ ጨርሶ ሊታወቅ እንደማይችል መለየት ይኖርበታል። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን በአንድ አነስተኛ ማሳያ ይከታተላል። የማሳያው ልኬቶች ስሌቱን በእጅ መከተል እንዲቻል ሆን ተብለው የተመረጡ እንጂ ከመስክ የተሰበሰቡ አይደሉም፤ የማስተካከያ መጠኖቹ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣቸው ናቸው።

አንድ ከፍታ፣ አንድ ቋሚ ቁጥር

በደብረ ብርሃን የሚኖሩ አምስት ያላረገዙ ሴቶች የሄሞግሎቢን መጠናቸው በግራም በዴሲሊትር 12.7፣ 13.9፣ 14.1፣ 14.3 እና 15.5 ሆኖ ተገኘ እንበል። ድምራቸው 70.5፣ አማካያቸው 14.1 ነው። እያንዳንዱ ልኬት ከአማካዩ ያለው ርቀት −1.4፣ −0.2፣ 0፣ 0.2 እና 1.4 ይሆናል። የርቀቶቹ ካሬዎች ድምር 4.0 ሲሆን፣ ይህ ለ4 (ማለትም ከናሙናው ብዛት አንድ ተቀንሶ ለሚገኘው ቁጥር) ሲካፈል ቫሪያንሱ 1.0፣ መደበኛ ልይይቱም 1.0 ግራም በዴሲሊትር ይሆናል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) ባወጣው ሠንጠረዥ መሠረት፣ ለ2,500 ሜትር የተቀመጠው ማስተካከያ 13 ግራም በሊትር፣ ማለትም 1.3 ግራም በዴሲሊትር መቀነስ ነው። ደብረ ብርሃን የምትገኘው ከ2,500 በላይና ከ3,000 ሜትር በታች ስለሆነ ይህ መጠን ይመለከታታል። ከእያንዳንዱ ልኬት 1.3 ስንቀንስ 11.4፣ 12.6፣ 12.8፣ 13.0 እና 14.2 እናገኛለን። አዲሱ አማካይ 12.8 ነው፤ ልክ በተቀነሰው መጠን ወርዷል። ከአዲሱ አማካይ ያሉት ርቀቶች ግን አሁንም −1.4፣ −0.2፣ 0፣ 0.2 እና 1.4 ናቸው። ስለዚህ መደበኛ ልይይቱ 1.0 እንደሆነ ይቀራል።

ምክንያቱ ከስሌቱ አወቃቀር ይታያል። እያንዳንዱ ልኬት c በሚባል ቋሚ ቁጥር ቢሸጋሸግ አማካዩም በc ይሸጋሸጋል፤ መደበኛ ልይይት ደግሞ የሚሰላው ልኬቱ ከአማካዩ ካለው ርቀት ነው፤ (x + c) − (x̄ + c) = x − x̄ ስለሆነ c ካሬ ከመደረጉ በፊት ይጠፋል። መደበኛ ልይይት ልኬቶቹ በቁጥር መስመር ላይ የት እንደሰፈሩ አያውቅም፤ የሚያውቀው እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደተራራቁ ብቻ ነው።

በማባዛት ጊዜ ግን ርቀቱ ራሱ ይባዛል። የተስተካከሉትን ልኬቶች ወደ ግራም በሊትር ብንለውጥ 114፣ 126፣ 128፣ 130 እና 142 ይሆናሉ፤ አማካዩ 128፣ ርቀቶቹ −14፣ −2፣ 0፣ 2 እና 14፣ መደበኛ ልይይቱም 10 ነው። ቫሪያንሱ ከ1 ወደ 100 ማደጉን ልብ ይሏል፤ ርቀቶቹ ካሬ ስለሚደረጉ ቫሪያንስ የሚባዛው በማባዣው ካሬ ነው። በተለይ ቫሪያንስን በቀጥታ የሚያቀርቡ የብዙ-ደረጃ ሞዴሎች ውጤት በሚነበብበት ጊዜ ይህ ይዘነጋል። ሁለቱ ክዋኔዎች ሲጣመሩ y = a + bx ከሆነ፣ ȳ = a + b·x̄ እና s_y = |b|·s_x ይሆናል። በሁለተኛው ቀመር ውስጥ a አለመኖሩ ቀደም ብለን ያየነው ነው። የb ፍጹማዊ ዋጋ የተወሰደው ደግሞ መደበኛ ልይይት አሉታዊ ሊሆን ስለማይችል ነው፤ ለምሳሌ እያንዳንዷ ሴት ከ12.0 ምን ያህል እንደሚጎድላት 12 − x ብለን ብናሰላ፣ ያልተስተካከሉት ልኬቶች አማካይ −2.1 ይሆናል፤ መደበኛ ልይይቱ ግን ያው 1.0 ነው።

የክዋኔዎቹ ቅደም ተከተል በራሱ ችግር አይፈጥርም፤ ችግር የሚፈጥረው ቋሚ ቁጥሩ በየትኛው አሃድ እንደተገለጸ መዘንጋቱ ነው። አሃዱ አስቀድሞ ወደ ግራም በሊትር ከተለወጠ መቀነስ ያለበት 13 እንጂ 1.3 አይደለም። በስሕተት 1.3 ቢቀነስ አማካዩ 128 መሆኑ ቀርቶ 139.7 ይሆናል። ቁጥሩ ለጤናማ ሴቶች ፍጹም የሚታመን ስለሆነ ማንም አይጠራጠረውም፤ መደበኛ ልይይቱም ልክ እንደሚገባው 10 ሆኖ ይወጣል። ተቃራኒው ስሕተት፣ ማለትም በግራም በዴሲሊትር ካለ መረጃ ላይ 13 መቀነስ፣ አማካዩን 1.1 ስለሚያደርገው ወዲያው ይታወቃል። አደገኛው እንግዲህ የመጀመሪያው ነው።

እያንዳንዱ አኃዝ የሚሰውረው ስሕተት

ከላይ የተገለጸው ስሕተት አንድ ሰፋ ያለ ነገር ያሳያል። መደበኛ ልይይት በመሸጋሸግ የሚመጣን ስሕተት አያይም። አስቀድሞ የተስተካከለ መረጃ ዳግመኛ ቢስተካከል የአምስቱ ሴቶች አማካይ 11.5 ይሆናል፤ መደበኛ ልይይቱ ግን 1.0 እንደሆነ ይቆያል። ይህ ምናባዊ ስጋት አይደለም። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የመረጃ ፋይሎች ውስጥ የሴቶች ሄሞግሎቢን በሁለት ዓምዶች ተቀምጦ ይገኛል፤ `v453` ያልተስተካከለው፣ `v456` የተስተካከለው ነው። በሁለቱም ውስጥ አንድ የአሥርዮሽ ቦታ ተደብቋል፤ 12.8 ግራም በዴሲሊትር 128 ተብሎ ይጻፋል። `v456`ን ወስዶ እንደገና የከፍታ ማስተካከያ የሚያደርግ ተማሪ፣ የመደበኛ ልይይት ሠንጠረዡን ከታተመ ሪፖርት ጋር ቢያመሳክር ሁሉም ነገር ትክክል ሆኖ ይታየዋል።

መደበኛ ልይይት ለአማካይ ሲካፈል የሚገኘው አንጻራዊ ልይይት በአንጻሩ የሚሰውረው ሌላ ነገር ነው። ያልተስተካከለው መረጃ አንጻራዊ ልይይት 1.0 ለ14.1፣ ማለትም 7.1 በመቶ ነው። ሁሉም ልኬቶች በ10 ቢባዙ ላይና ታቹ እኩል ስለሚባዙ 7.1 በመቶነቱ አይለወጥም፤ ስለዚህ የአሃድ ስሕተትን አይነግረንም። ከመሸጋሸግ በኋላ ግን 1.0 ለ12.8 ስለሚሆን ወደ 7.8 በመቶ ይወጣል። በሴቶቹ መካከል ያለው ልዩነት ሳይሰፋ የአንጻራዊ ልይይት አኃዝ ከፍ ብሏል። ከዚህ የተነሣ የተስተካከለንና ያልተስተካከለን መረጃ በአንጻራዊ ልይይት ማወዳደር ትርጉም የለውም።

ጥቂት ልኬቶች ብቻ በሌላ አሃድ ተመዝግበው ከሆነ መደበኛ ልይይቱ ራሱ ይጮኻል። የአምስተኛዋ ሴት ልኬት 15.5 መሆኑ ቀርቶ 155 ተብሎ ቢገባ፣ አማካዩ 42.0፣ መደበኛ ልይይቱ ደግሞ 63 ገደማ ይሆናል። ለዚህ ምክንያቱ ክዋኔው ለሁሉም አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው፤ ለአራቱ ማባዣው 1፣ ለአንዷ 10 ሆኗል። ቀመሮቹ የሚሠሩት a እና b ለሁሉም ልኬቶች አንድ ሲሆኑ ብቻ ነው። ይህ ቅድመ ሁኔታ በአሃድ ጉዳይ ላይ ሲጣስ በቀላሉ ይታያል። በከፍታ ማስተካከያ ላይ ሲጣስ ግን በዝምታ ያልፋል።

መቁረጫው ሳይንቀሳቀስ መረጃው ሲንቀሳቀስ

መደበኛ ልይይቱ ካልተለወጠ የከፍታ ማስተካከያ ምን ይለውጣል? የሚለውጠው መረጃው ከመቁረጫ ነጥቡ ያለውን ርቀት ነው። ላላረገዙ ሴቶች የደም ማነስ መቁረጫ 12.0 ግራም በዴሲሊትር ነው። ከማስተካከያው በፊት ከአምስቱ ሴቶች ከዚህ በታች የሆነች አልነበረችም፤ ከማስተካከያው በኋላ የመጀመሪያዋ ሴት 11.4 ስለሆነች የደም ማነስ አለባት ተብላ ትመዘገባለች። ልኬቶቹን ሳንነካ መቁረጫውን ወደ 13.3 ብናነሣም ውጤቱ ያው ነው፤ 12.7 ከ13.3 በታች ነውና።

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ያላቸው ደረጃ ግን አልተነካም። የአምስተኛዋ ሴት ዜድ-ነጥብ፣ ማለትም ከቡድኑ አማካይ በመደበኛ ልይይት ሲለካ ያላት ርቀት፣ ከማስተካከያው በፊትም በኋላም፣ በግራም በዴሲሊትርም በግራም በሊትርም 1.4 ነው። የሚለወጠው አማካዩ ከመቁረጫው ያለው ርቀት ነው፤ ከ2.1 መደበኛ ልይይት ወደ 0.8 ወርዷል።

ይህ ርቀት ምን ያህል ሊጠብብ እንደሚችል አንድ የታወቀ ጥናት ያሳያል። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሄሞግሎቢን አማካይ ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም በዴሲሊትር ሆኖ ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ ትኩረት የሰጡት ይህ መጠን በባሕር ወለል አቅራቢያ ከሚኖሩ ሰዎች መጠን የማይለይ መሆኑ ነው፤ በአንዲስ ተራሮች በተመሳሳይ ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች ግን ከፍ ያለ ሄሞግሎቢን እንዳላቸው ይታወቃል። የ2011 ሠንጠረዥ ለ3,500 ሜትር 27 ግራም በሊትር ይቀንሳል። ይህ በሴቶቹ አማካይ ላይ ቢተገበር 150 ወደ 123 ይወርዳል።

የሴቶቹን መደበኛ ልይይት እንደ ማሳያችን 10 ግራም በሊትር፣ ሥርጭቱንም ኖርማል አድርገን ብንወስድ፣ ከማስተካከያው በፊት አማካዩ ከመቁረጫው በሦስት መደበኛ ልይይት ይርቃል፤ ከመቁረጫው በታች የሚወድቁት ከሺህ አንድ ወይም ሁለት ሴቶች ናቸው። ከማስተካከያው በኋላ ርቀቱ 0.3 መደበኛ ልይይት ብቻ ይሆናል፤ ከመቁረጫው በታች የሚወድቁት 38 በመቶ ያህል ናቸው። የሴቶቹ ደም አልተለወጠም፤ መደበኛ ልይይቱም አልተለወጠም። አንድ ቋሚ ቁጥር በመቀነሱ ብቻ አንድ መንደር የደም ማነስ ከሌለበት ወደ ከባድ የኅብረተሰብ ጤና ችግር ምድብ አቅራቢያ ይሸጋገራል። እንግዲህ የሚቀነሰው ቁጥር ለዚያ ሕዝብ ትክክለኛ መሆን አለመሆኑ ከማንኛውም የትንተና ዘዴ ምርጫ በላይ ውጤቱን ይወስናል።

ከታተመ አኃዝ ወደ ኋላ መመለስ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው መመሪያ ማስተካከያዎቹን ከልሷል። ከ2,500 እስከ 2,999 ሜትር የሚቀነሰው ከ13 ወደ 18፣ ከ1,000 እስከ 1,499 ሜትር ደግሞ ከ2 ወደ 8 ግራም በሊትር ከፍ ብሏል። በአሮጌው መጠን የተስተካከለን ጥናት በአዲሱ ከተስተካከለ ጥናት ጋር በቀጥታ ማነጻጸር ያልነበረ ለውጥ እንዳለ ያስመስላል።

ጥናቱ በአንድ የከፍታ ምድብ ውስጥ ብቻ የተካሄደ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጥሬ መረጃም አያስፈልግም። የደብረ ብርሃን ሴቶች ውጤት «128 ± 10 ግራም በሊትር፣ በ2011 ሠንጠረዥ የተስተካከለ» ተብሎ ታትሞ ቢሆን፣ 13 እንመልስና 141 እናገኛለን፤ 18 ቀንሰን 123 ላይ እንደርሳለን። መደበኛ ልይይቱ 10 እንደሆነ ይጻፋል። የአማካዩ መደበኛ ስሕተትም እንዲሁ አይለወጥም፤ የመተማመኛ ክልሉ ስፋቱን እንደጠበቀ በ5 ወደ ታች ይወርዳል። ሊመለስ የማይችለው የደም ማነስ ምጣኔው ነው። በአዲሱ መጠን ስንት ሴቶች ከ120 በታች እንደሚሆኑ ለማወቅ በመቁረጫው አቅራቢያ ስንት ሴቶች እንደነበሩ ማወቅ ያስፈልጋል፤ አማካይና መደበኛ ልይይት ይህን አይናገሩም። ሥርጭቱ ኖርማል ነው ብሎ መገመት ይቻላል፤ ነገር ግን የደም ማነስ በተስፋፋበት ሕዝብ ውስጥ የሄሞግሎቢን ሥርጭት ወደ ታች ረዘም ያለ ጅራት ሊኖረው ስለሚችል ግምቱ ግምት መሆኑ በግልጽ ሊጻፍ ይገባል።

ቋሚው ቋሚ ካልሆነ

አገር አቀፍ ጥናቶች የሚካሄዱት በአንድ ከፍታ ላይ አይደለም። በማሳያችን ላይ ከድሬዳዋ አምስት ሴቶችን እንጨምር፤ ልኬታቸው 11.6፣ 12.8፣ 13.0፣ 13.2 እና 14.4 ነው እንበል። አማካያቸው 13.0፣ መደበኛ ልይይታቸው እንደ ደብረ ብርሃኖቹ 1.0 ነው። ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር አካባቢ የምትገኝ ስለሆነች በ2011 ሠንጠረዥ የሚቀነሰው 0.2 ግራም በዴሲሊትር ብቻ ነው።

አሥሩን ሴቶች በአንድነት ስንወስድ ያልተስተካከለው አማካይ 13.55 ነው። በየቡድኑ ውስጥ ያለው የካሬዎች ድምር 4.0 እና 4.0 ሲሆን፣ የሁለቱ ቡድኖች አማካይ ከጋራው አማካይ በ0.55 ስለሚርቅ 10 × 0.3025 = 3.025 ይጨመራል። ጠቅላላው 11.025 ለ9 ሲካፈል ቫሪያንሱ 1.225፣ መደበኛ ልይይቱ 1.11 ይሆናል። ከማስተካከያው በኋላ የሁለቱም ቡድኖች አማካይ 12.8 ስለሚሆን በመካከላቸው ያለው ርቀት ይጠፋል፤ ቫሪያንሱ 8 ለ9፣ መደበኛ ልይይቱ 0.94 ነው። የተቀነሰው ቁጥር ለሁሉም አንድ ስላልነበረ መደበኛ ልይይቱ ተለውጧል።

ወደ ኋላ የመመለሱ ሥራም እዚህ ላይ ይገታል። አማካዩን መመለስ ይቻላል፤ ከሴቶቹ ግማሹ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ከፍታ እንደሆኑ ከተጻፈ አማካይ ማስተካከያው 0.75 ነው፤ 12.8 ሲደመር 0.75 ትክክለኛውን 13.55 ይሰጣል። ከ0.94 ወደ 1.11 የሚመልስ መንገድ ግን የለም፤ የየቡድኑ አማካይ ለብቻው ካልታተመ በስተቀር። የተለያየ ከፍታ ያካተቱ ጥናቶችን በአንድ የጥናቶች ጥናት ውስጥ የሚያጠቃልል ሰው፣ አማካዩን አስተካክሎ መደበኛ ልይይቱን እንዳለ ቢወስድ ለየጥናቱ የሚሰጠው ክብደት የተዛባ ይሆናል።

ለውጡ በምን እንደሚወሰን የሚከተለው ቀመር ያሳያል። ለእያንዳንዱ ሰው የሚቀነሰው c የተለያየ ሲሆን፣

var(x − c) = var(x) + var(c) − 2·cov(x, c)

ይሆናል። c ለሁሉም አንድ ከሆነ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቁራጭ ዜሮ ስለሚሆኑ ወደ መጀመሪያው ሕግ እንመለሳለን። በማሳያችን ውስጥ var(c) 0.336፣ cov(x, c)ም 0.336 ነው፤ 1.225 + 0.336 − 0.672 = 0.889፣ ይህም ቀደም ሲል ያገኘነው 8 ለ9 ነው።

አሁን ሌላ ሁኔታ እንውሰድ። የደጋዎቹ ሴቶች ሄሞግሎቢን በሰሜን ተራሮች እንደታየው ከፍታን ተከትሎ የማይጨምር ቢሆን፣ የሁለቱም ቡድኖች ያልተስተካከለ አማካይ አንድ ይሆናል፤ በማስተካከያውና በልኬቱ መካከል ያለው ኮቫሪያንስም ዜሮ ይሆናል። ያልተስተካከለው ቫሪያንስ 0.889 ነው። ማስተካከያው ሲደረግ 0.336 ይጨመርበትና 1.225 ይሆናል፤ መደበኛ ልይይቱ ከ0.94 ወደ 1.11 ያድጋል። በመጀመሪያው ሁኔታ ማስተካከያው ከከፍታ የመጣን ልዩነት አስወገደ፤ በሁለተኛው ያልነበረን ልዩነት ፈጠረ። ከቀመሩ እንደሚታየው ድንበሩ ኮቫሪያንሱ ከvar(c) ግማሽ መብለጡ ወይም ማነሱ ነው።

ይህ ለተመራማሪ ጠቃሚ የሆነ ቀላል ፍተሻ ይሰጣል። በተለያየ ከፍታ የተሰበሰበ መረጃ ሲገኝ የማስተካከያው በፊትና በኋላ መደበኛ ልይይቶች ጎን ለጎን ይታተሙ። ከማስተካከያው በኋላ መደበኛ ልይይቱ ካደገ፣ የተቀነሰው ቁጥር በዚያ ሕዝብ ውስጥ ሄሞግሎቢን ከከፍታ ጋር ካለው ዝምድና ቢያንስ በእጥፍ ይበልጣል ማለት ነው፤ ማስተካከያው ለዚያ ሕዝብ እንዳልተሰፋ ልብስ ሆኗል። የበፊቱና የኋላው አኃዝ አለመታተሙ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የብዙ ጥናቶች ጉድለት ነው፤ ለማቅረብ የሚያስፈልገው በሠንጠረዥ ላይ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ብቻ ነውና።

ተቃራኒው ግን በተመሳሳይ እርግጠኝነት አይነበብም። መደበኛ ልይይቱ መቀነሱ ማስተካከያው ትክክል መሆኑን አያረጋግጥም። በአገራችን ወባ በብዛት የሚተላለፈው ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ አካባቢዎች ነው፤ ወባ ደግሞ ሄሞግሎቢንን ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ የቆላ ነዋሪዎች አማካይ በበሽታ ምክንያት ቢወርድ፣ ሄሞግሎቢን ከከፍታ ጋር የሚጨምር ይመስላል፤ ኮቫሪያንሱም ከፍ ይላል። ማስተካከያው ይህን ልዩነት ሲቀንስ መደበኛ ልይይቱ ይጠብባል፤ የጠበበው ግን የወባ ጫና ከመረጃው ስለተሰረዘ ነው። ሁለቱን ለመለየት በየከፍታ ምድቡ ውስጥ ወባ ያልተገኘባቸውን፣ የብረት እጥረትና የእብጠት ምልክትም የሌለባቸውን ሰዎች ብቻ ለይቶ አማካዮቻቸውን ማወዳደር ያስፈልጋል፤ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ከፍታው በጨመረ ቁጥር አማካዩ የሚያድግበት መጠን ነው ለዚያ ሕዝብ መቀነስ ያለበትን c የሚነግረን።